«ዛሬ ማታ» ላይ የቆመው ድምፅ

እኔ ፈሪ ነኝ። ሰቆጣ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ለመሽኮርመም የምናገረው አይደለም። ባጃጅ ቁልቁለት ሲወርድ ዓይኔን እጨፍናለሁ። በር ሳይታሰብ ሲንኳኳ መጀመሪያ የሚታየኝ መርዶ ነው። ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ዴስክ ሲወድቅ የወደቀውን ትተው የእኔን ፊት ነው የሚያዩት። ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ ስለያዘኝ ፍርሃት ስጽፍ «ይቺ ደግሞ መቼ ሳትፈራ ውላ ታውቃለች» የሚል ቢኖር አልቀየመውም። ብቻ የዚያን ቀን ባለቤቴም ፈርቶ ነበር። እሱ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ መኪና አቁሞ ሙዝ ልጦ የሚበላ ሰው ነው።

ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች ጀምሮ ድምፅ እየቀዳች በእኔ ስልክ ትልክ ነበር። ለአባታችን የምትልከው በዋግ ቋንቋችን፣ በኽምጣኛ ነው። አባቴ ከአምደወርቅ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ውስጥ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አማርኛ ደህና አድርገው ይናገራሉ፤ ልባቸው የሚሰማው ግን በኽምጣኛ ነው። ለእኔ የምትልከው በአማርኛ ነው። አብረን የተማርነው በአማርኛ ስለነበር ከልጅነታችን ጀምሮ ከቤት ሰው የምንደብቀውን ነገር በአማርኛ እናወራ ነበር። አባታችን አማርኛ እንደሚሰሙ እያወቅን፣ ቋንቋ ስንቀይር የተደበቅን ይመስለን ነበር።

የመጨረሻው መልእክቷ በአማርኛ ነበር። እስካሁን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እታለም፣ ይህንን ለአባ እንዳታሰሚ። ሴትዮዋ ስልኬን ልትወስድብኝ ነው። ወደ አገሬ ልሂድ ባልኳት ቁጥር በር ትቆልፍብኛለች። ከእንግዲህ አልችልም። ዛሬ ማታ እወጣለሁ። ከወጣሁ እደውላለሁ። ካልደወልኩ…» ከዚያ ትንፋሿ ይሰማል፤ ራቅ ያለ ቦታ የሚዘጋ በር ይሰማል፤ ያበቃል።

ከዚያ በኋላ ወሬዋ ጠፋ። ብደውል አይጠራም። ብጽፍ አይደርስም። ወር ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። በየቀኑ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ያንን መልእክት ከፍቼ «ካልደወልኩ» እስከምትለው ቃል ድረስ እሰማዋለሁ። ቀጥሎ ያለውን እኔ ራሴ እየሞላሁ ነበር የምሰማው፤ ፈሪ ሰው ሲሞላው ደግሞ መልካም ነገር አይሞላም። ለአባቴ ምንም አልነገርኳቸውም። «ኔትወርክ ነው» እላለሁ። እኛ አገር ኔትወርክ ሁሉን ይሸከማል።

ባለቤቴ የመጣው ከጎጃም ነው፤ ሰቆጣ በመስኖ ሥራ ተመድቦ እኔን አግኝቶ ቀረ። ከወንድሙ የገዛው አሮጌ ፒክአፕ አለው። ሞተሩ ሲነሳ ከነጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ የኋላ በሩ በሽቦ ነው የሚዘጋው። እሱ ግን ወልድያ ወርዶ ለዚህ መኪና ትልቅ ስክሪን አስገጠመለት። ስልኩን ከስክሪኑ ጋር ያገናኘዋል፤ ካርታውም፣ ደዋዩም፣ ሙዚቃውም ከስልኩ ወጥቶ እዚያ ላይ ይታያል። የእሱ ስልክ አዲስ ስለሆነ ያለ ገመድ ይገናኛል። በሩን ከፍቶ እንደተቀመጠ ስክሪኑ ስልኩን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። «አየሽ?» ይለኛል፣ ሁልጊዜ። የኋላ በሩንስ መቼ ታሠራዋለህ ስለው ሙዚቃውን ከፍ ያደርገዋል።

የአባቴ ዓይን እየደከመ ሄዶ ሰው የሚለዩት በድምፁ ብቻ ሆኖ ነበር። ሰቆጣ ሆስፒታል ለዓይን ሕክምና ቀጠሮ ያዝንላቸው። እሳቸው ግን መኪና አይወዱም። በፊት አንዴ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ያለው መኪና ውስጥ ነበሩ፤ ፍርሃቴን ከማን እንደወረስኩ የሚጠይቀኝ ካለ መልሱ ይኸው ነው። በሰው በኩል የላኩልን መልእክት አጭር ነበር። የልጄን ድምፅ እየሰማሁ ከሆነ እሄዳለሁ፤ አለዚያ ዓይኔም ይቅር።

ባለቤቴ ደስ አለው። የእህቴን ድምፆች ሁሉ ከመልእክቶቹ ውስጥ እያወጣ በእኔ ስልክ ላይ አስቀመጣቸው። የመጨረሻውንም አብሮ እንዲያወጣው የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ስልኩ አንድ ነገር ሆኖ እንዳይጠፋብኝ ሰግቼ ነበር። ከዚያ በኽምጣኛ ያሉትን ብቻ ለይቶ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቅደም ተከተል፣ «ለአባ» የሚል የማጫወቻ ዝርዝር ሠራላቸው። ግቢያችን ውስጥ መኪናው ላይ በብሉቱዝ ሞከርነው። የእህቴ ድምፅ በአራቱም ስፒከር ወጣ፤ «አባ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?» ብላ በኽምጣኛ ስትጠይቅ አለቀስኩ። ባለቤቴ «በቃ፣ አለቀ» አለ። ቅዳሜ ወደ ገጠር ሄድን።

እዚያ ሁለት ቀን ቆየን። እዚያ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፤ ስልክ ሰዓት ማያ ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ሆንኩ። ባለቤቴ ሞተሩን አስነሳ፤ መኪናው እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ፤ ስክሪኑ በራ።

የመጣው ግን የባለቤቴ ስልክ ነው። የኳስ ወሬውና የእሱ ዘፈኖች ተደርድረው ታዩ። «ለአባ» የሚል የለም።

«የታለች?» አሉ አባቴ።

«አሁን ትመጣለች አባ፣ ስክሪኑ የእኔን ስልክ ቀድሞ ይዞት ነው» አላቸው ባለቤቴ። የራሱን ብሉቱዝ አጠፋ፤ ስክሪኑ ለቀቀው። የእኔ ስልክ አሮጌ ስለሆነ በብሉቱዝ ድምፅ ብቻ ነው የሚልከው፤ ስክሪኑ ላይ ያለ ገመድ አይታይም፤ እሱ ደግሞ ያለ ስክሪኑ አይሆንለትም፤ በገመድ ሰካው። ስልኩ ባትሪ እየሞላ መሆኑን አሳየ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አልመጣም። አወጣው፣ ጠረገው፣ እንደገና ሰካው። ያው ነው። አባቴ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት ያያሉ። የማያይ ሰው ወደ ፊት ሲያይ ምን እንደሚያስፈራ አላውቅም፤ እኔን ግን አስፈራኝ።

«እንሂድ ግድ የለም፤ በመንገድ ትመጣለች» አሉ በመጨረሻ። ስለ ሰው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

ስልኩን ስጡኝ አሉ። ገመዱ አጭር ስለነበር እሳቸው ጋ መሆኑ ተመቸን። ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው፣ በሁለት መዳፋቸው ጨብጠው፣ ጭናቸው ላይ አኖሩት። የልጃቸው ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ድምፁ ባይወጣ እንኳ ይያዙት ብዬ ተውኳቸው።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ሲጀምር የእኔ ጣጣ ጀመረ። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየሸሸ ገደሉ ውስጥ ይወርዳል። ባለቤቴ አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ እጁ ስክሪኑ ላይ ነው። አንድ ጊዜ መንገዱን ያያል፤ ሁለት ጊዜ ስክሪኑን ያያል። የስክሪኑን አሠራር ለአባቴ እያስረዳ ነው የሚነዳው፤ እሳቸው ደግሞ በአንድ እጃቸው በሩ ላይ ያለውን መያዣ ጨምድደው ይዘው «እሺ ልጄ፣ እሺ ልጄ» ይሉታል። አንድ ጠመዝማዛ ላይ የኋላው ጎማ ሲንሸራተት አየሁት፤ ቢያንስ ያየሁት መሰለኝ።

«አንተ ሰውዬ! ወይ ንዳ ወይ ጎርጉር!» ብዬ ጮህኩበት። በአባቴ ፊት እንዲህ ጮኼበት አላውቅም።

«እሺ፣ እሺ፣ ቀጥሎ ያለው ዳገት ጫፍ ላይ አቆማለሁ» አለኝ። እንዳለውም ዳገቱን ጨርሰን አናቱ ላይ ስንደርስ ጠርዝ ይዞ አቆመ። ከዚያ ቦታ ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ይታያል። ነፋሱ ይጮሃል። ሞተሩን አላጠፋውም፤ ካጠፋው አንዳንድ ቀን አይነሳም።

ኪሱን ሲፈትሽ የራሱን ስልክ የሚሞላበት ሌላ ገመድ አገኘ። አባቴን «አንዴ ያበድሩኝ» ብሎ ጋቢው ውስጥ እጁን ሰዶ ስልኩን በአዲሱ ገመድ ሰካው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ከዚያ የእኔ ስልክ መጣ። የፊተኛው ገመድ ባትሪ መሙያ ብቻ ነበር። መሙላት ይችላል፣ ሌላ ነገር ማሳለፍ ግን አይችልም። ባለቤቴ ወደ ኋላ ዞሮ «አየሽ?» አለኝ። በልቤ ሰደብኩት፤ ግን እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታችን ብዙም አልቆየም። ስክሪኑ ላይ አንድ ማጫወቻ አለ፤ «ለአባ» የሚለው ዝርዝር ግን የለም። ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ፣ የለም። እኔ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ የተሰረዘ መስሎኝ ክው አልኩ። ከእህቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

«አልጠፋም፣ አልጠፋም» አለ ባለቤቴ፤ ለራሱም ለእኔም ነበር የሚናገረው። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ዝርዝሩን የሠራው በሌላ ማጫወቻ ነበር። ግቢያችን ውስጥ በብሉቱዝ ስንሞክር ድምፁ ከየትኛውም ማጫወቻ ቢወጣ መኪናው ግድ አልነበረውም፤ የመጣለትን ያሰማል። በገመድ ሲሆን ግን ስክሪኑ የሚያሳየው እሱ የሚቀበላቸውን ማጫወቻዎች ብቻ ነው። ይኼኛው ማጫወቻ ስልኩ ውስጥ ያሉትን ድምፆች ያገኛቸዋል፤ በሌላው ውስጥ የተሠራውን ዝርዝር ግን አያውቀውም።

«ተወው በቃ። ገመዱን ንቀለውና በብሉቱዝ ይሁን» አልኩት።

«ጠብቂ አንዴ። ድምፆቹ አሉ እኮ» አለኝና «ሁሉም» የሚለውን ነካው። ቁጥር ብቻ የሆኑ ስሞች ተደረደሩ። ረጃጅም ቁጥሮች ናቸው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሰው አይለየውም። እሱ በሠራው ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው ድምፅ ላይኛው ነበር፤ «አባ፣ ደህና ደረስኩ» የምትለው። እዚህም ላይኛውን ነካ። እዚህ ግን ላይኛው የመጨረሻው ነበር። ገና አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ ከትንፋሿ አወቅኩት።

«እታለም፣ ይህንን ለአባ እንዳታሰሚ…»

በአራቱም ስፒከር ነበር። ከወንበሬ ተነሥቼ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ስክሪኑ ላይ ለመድረስ እጄን ዘረጋሁ፤ የታሰረው ቀበቶ መልሶ አስቀመጠኝ። ባለቤቴ ደንግጦ እጁ አየር ላይ ቀርቷል። «ሴትዮዋ ስልኬን ልትወስድብኝ ነው። ወደ አገሬ ልሂድ ባልኳት ቁጥር በር ትቆልፍብኛለች። ከእንግዲህ አልችልም። ዛሬ ማታ…»

እዚያ ላይ ቆመ።

ባለቤቴ ያቆመው መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ገና አልነካውም። ስክሪኑ ላይ የሚሄደው ሰዓት ራሱ ደርቆ ቀርቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ስክሪን በመበላሸቱ ፈጣሪን አመሰገንኩ፤ ወዲያው ደግሞ አባቴን አየሁ። ፊታቸው ወደ ድምፁ ዞሯል።

«ዛሬ ማታ ምን?» አሉ በአማርኛ።

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

«ለእኔ እንዳታሰሚ ያለችውን ሰማሁ። በር እንደሚቆለፍባት ሰማሁ። ዛሬ ማታ ምን?»

«አባ… የቆየ ነው። የቆየ መልእክት ነው» አልኳቸው።

«የቆየ ከሆነ ያ ማታ አልፏል ማለት ነው። ምን ሆነች?»

ይህ ነበር ወር ሙሉ ከራሴ ጋር ስፋጠጥበት የከረምኩት ጥያቄ። አላውቅም ማለት አቃተኝ። አላውቅም ካልኩ እሳቸውም እንደ እኔ ይሞሉታል፤ ሌሊት ሌሊት እኔ ያየኋትን ሁሉ ያዩዋታል፣ ከፎቅ ስትወድቅ፣ መንገድ ላይ ስትያዝ፣ በር ሲዘጋባት። ዓይናቸው ባያይም ይህንን ያዩታል።

«አጫውተው» አሉት ባለቤቴን። «ጨርሳ ትናገር።»

እሱ እኔን አየኝ። እኔ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ እሺ ይሁን ወይ እንቢ፣ እኔም አላወቅኩትም። የማጫወቻውን ምልክት ነካው። ምልክቱ ተለወጠና መልሶ ወደ ነበረበት ሆነ፤ ድምፅ የለም። ደጋግሞ ነካው። አንድ ጊዜ «እ» የምትል ቅንጣት ድምፅ ወጣችና ተቆረጠች። የ«እወጣለሁ» መጀመሪያ ናት። እኔ አወቅኳት፤ አባቴ ግን ያቃሰተች መሰላቸው።

«አነቋት» አሉ በኽምጣኛ። ባለቤቴ ኽምጣኛ አይሰማም፤ የአባቴን ድምፅ ግን ሰማ። ፊቱ ጠቆረ።

«መኪናው ነው አባ፤ ስክሪኑ ነው፤ እሷ ምንም አልሆነችም» አላቸው። ያንን እንዴት እንደሚያውቅ ማንም አልጠየቀውም። ገመዱን ነቀለ፤ ሰካ። የእኔ ስልክ ተመልሶ መጣ፤ ማጫወቻው ተመልሶ መጣ፤ ድምፁ ግን እዚያው ቦታ ደርቋል። ጣቱ ምልክቱን እየሳተ ጎኑን ሲነካ አየሁ። ይህ ሰው ፈርቶ አያውቅም ነበር። እሱ መፍራቱን ሳይ ያለችኝ ጥቂት ድፍረትም ከዳችኝ፤ ነገሩ ሁሉ ምልክት መሰለኝ። ድምፁ ያበቃበት ቦታ ሕይወቷም ያበቃበት ቦታ ነው ብዬ አመንኩ። አሁን ስጽፈው ሞኝነት ይመስላል፤ እዚያ አናት ላይ ግን ሞኝነት አልነበረም።

«ይህ ነገር በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል» አሉ አባቴ።

«የሞተሩ ነው አባ» አላቸው ባለቤቴ። እውነቱን ነው፤ መኪናው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ የእኔ ጥርስ።

«አይደለም። ይንቀጠቀጣል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይንቀጠቀጣል።»

«ሞተሩ ነው አባ። አሁን አጥፍቼ ላስነሣው፤ ስክሪኑ ከሥሩ ጠፍቶ ሲነሣ ይስተካከላል» አለና ቁልፉን አዞረ።

መኪናው አንዴ ተንፈራግጦ ዝም አለ። ስክሪኑ ጠፋ። ነፋሱ ብቻ ቀረ። ከዚያ ከአባቴ ጋቢ ውስጥ ያ ድምፅ ተሰማ፤ ዝዝዝ፣ ዝም፣ ዝዝዝ፣ ዝም። ሞተሩ ቆሟል፤ ስልኩ ግን ይንቀጠቀጣል።

ለክፍል ብዬ ስልኬን ከድምፅ ወደ ንዝረት አድርጌው እንዳልመለስኩት ያኔ ትዝ አለኝ። ከዓርብ ጀምሮ እንደዚያው ነበር። ቀበቶውን እንዴት እንደፈታሁት አላውቅም። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ተንጠራርቼ የአባቴን ጋቢ ገለጥኩ። ስልኩ በግንባሩ ተደፍቶ በመዳፋቸው ውስጥ ይርገበገባል። ስገለብጠው አንድ ሰው እየደወለ ነው። በኢንተርኔት ነው የሚደወለው፤ ዳገቱ አናት ላይ ኔትወርክ ገብቶ ኖሯል። ስም የለውም፤ የማላውቀው የውጭ ቁጥር ነው። ከላይ ያልተነሡ ጥሪዎች ተደርድረዋል፤ ያው ቁጥር ነው፣ ሁሉም እኛ እዚህ ከቆምን ወዲህ።

በኋላ ሰቆጣ ያለ ስልክ ጠጋኝ ነው ያስረዳን። ጥሪ ሲመጣ ስልክ የሚጫወተውን ድምፅ ያስቆመዋል፤ ጥሪው እስኪያበቃም አያስነሣም። በመደበኛው መስመር ቢሆን ስክሪኑ ላይ ደዋዩ ይታይ ነበር፤ ያ የኢንተርኔት መደወያ ግን ከመኪናው ስክሪን ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ እኛ ያየነው የደረቀ ማጫወቻ ብቻ ነው። ባለቤቴ ይህንን ሲሰማ ራሱን በእጁ መታ። ያኔ ግን እዚያ አናት ላይ ማናችንም ስለ ስክሪኑ አላሰብንም።

እኔ ስልኩን ይዤ አላነሣሁትም። ማንሣት አቃተኝ። እህቴ በማላውቀው ቁጥር የምትደውልበት ምክንያት አልታየኝም፤ የታየኝ ሌላ ሰው ነው። ኤምባሲ፣ ሆስፒታል፣ አንዲት የማታውቀኝ ሴት፣ «እህቷ ነሽ?» ብላ የምትጀምር። እስካላነሣሁት ድረስ ገና አልሞተችም።

«ማን ነው?» አሉ አባቴ።

«አላውቅም።»

«አንሺው።»

«አባ…»

«ልጄ፣ አንሺው።»

አነሣሁት። ድምፁ እንዲሰማቸው ወደ ውጭ አደረግኩት፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ምናልባት ብቻዬን መስማት ፈርቼ ይሆናል። አንዲት ሴት ናት። አማርኛዋ የወሎ ነው።

«ሃሎ? እህቷ ነሽ?»

ልክ ያሰብኩት ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አዎ ማለቴን አላስታውስም፤ ብያለሁ መሰለኝ።

«ውይ፣ ተመስገን! እዚህ መጠለያ ስልክ ያገኘነው ቅዳሜ ነው፤ ከዚያ ጀምረን ስንደውል። ቆይ፣ ላቅርብልሽ።»

አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። የብዙ ሴቶች ድምፅ ያለበት ክፍል ነበር፤ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ከዚያ አንድ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ያቺን ትንፋሽ ወር ሙሉ በየቀኑ ሰምቻታለሁ።

«እታለም?»

ባለቤቴ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተደፍቷል። አባቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን አስያዝኳቸው። ወደ አፋቸው አስጠጉት። ሰላምታ ይሰጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ ሁሉ ይጠየቃል፤ እሷም በየመልእክቷ ስታደርገው የነበረ ነው። እሳቸው ግን ያንን ሁሉ ዘለሉት።

«ዛሬ ማታ ብለሽ ቆምሽ። ምን ልትይ ነበር?» አሏት በኽምጣኛ።

መልእክቱን እንደሰሙት ገባት መሰለኝ። ለእኔ ቀድታ የላከችው ነው፤ እኔ እንዳላሰማ የለመነችኝ ነው። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እወጣለሁ ነበር ያልኩት፣ አባ» አለች እሷም በኽምጣኛ።

«ወጣሽ?»

«ወጣሁ።»

አባቴ ስልኩን ግንባራቸው ላይ አስደገፉት። ከሽበታቸው ሥር የእሷ ድምፅ «አባ? አባ? ይሰማል?» ይላል። እንባቸው ስልኩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ያ ስልክ ውኃ እንደማይወድ አውቃለሁ፤ ግን አልነካኋቸውም።

ባለቤቴ ቀና አለ። አንዲት ቃል አልገባችውም። ዓይኑ ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቸው ይሮጣል፤ ፊታችን ላይ ያለው እንባ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት አቅቶታል።

«ምን አለች?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ስለ ፈጣሪ ንገሪኝ፣ ምን አለች?»

«ወጣሁ አለች» አልኩት።

ሞተሩን ለማስነሣት እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ከዚያ መልሶ ሰበሰበው። ሥር ስንወርድ ኔትወርክ የለም፤ አባቴ ደግሞ አሁን ገና ስለ ዝናቡ መጠየቅ ጀምረው ነበር።